«እንዴት ነሽ?» የሚለን ሰው ስለ ጤናችን ካልጠየቀን ምን እየጠየቀን ነው?

ሰላማዊት_አ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ ነገር አእምሮዬን ይዞታል፤ የምታውቁ ካላችሁ አስረዱኝ።

እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሌሊት አስታምሜ ጠዋት በቀጥታ ሥራ እገባለሁ። በር ላይ የጥበቃው አባት «እንዴት አደርሽ?» ይሉኛል። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» እላለሁ። ሊፍት ውስጥም ያው፣ ቢሮም ያው። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አድሬ ለሁሉም «ደህና» አልኩ። ማንንም የዋሸሁ አልመሰለኝም።

ከሰዓት በኋላ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ «እንዴት ነሽ ግን?» አለችኝ። እንባዬ መጣ። ጠዋት ስንገባም «እንዴት ነሽ?» ተባብለን ነበር እኮ። ያን ጊዜ ምንም አልተሰማኝም።

ጠዋት ሰላምታ የነበረው ከሰዓት እንዴት ጥያቄ ሆነ? ደግሞስ መልሱን ካልፈለግነው መጀመሪያውኑ ለምን በጥያቄ ሰላም እንባባላለን? ዝም ብሎ «ሰላም» አይበቃም?

የሰፈር_ልጅ

እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ።

መልሱ ግልጽ ነው። ሰው ለሰው ግድ ስለሌለው ነው። ድሮ የሀገራችን ሰው «እንዴት ነህ?» ሲል ከልቡ ነበር፣ ቆሞ መልሱን ይሰማ ነበር። አሁን ከተሜው ቸኩሏል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኖ «እንዴት ነህ» ይልሃል፣ መልስህን ሳይሰማ ፊቱን ያዞራል። ከፈረንጅ የተማርነው ነገር ነው። ጥያቄው ባዶ ሆኗል፤ ለዚህ ነው አንቺም ባዶ መልስ የሰጠሽው።

ሚኪ_ሲያትል

እኔም እዚህ አሜሪካ በጣም የቸገረኝ ይሄ ነው! ሱቅ ውስጥ ካሸሯ «ሀው አር ዩ» ትለኛለች። መጀመሪያ ሰሞን ቆሜ በደንብ ልመልስላት ስል ዕቃዬን ስካን አድርጋ ጨርሳ ቦርሳ ውስጥ ከታዋለች። ለሥራ ኢንተርቪው ስትገቡስ «ሀው አር ዩ» ሲሏችሁ ምን ትላላችሁ? «ጉድ» ብቻ ብል ያንስ ይሆን? ሐሙስ ኢንተርቪው አለኝ።

ደብረ_ማርቆስ_ነኝ

የሰፈር ልጅ፣ ድሮ የምትለው ገጠሩን ከሆነ እኔ እዚያ ነው ያደግሁት። ልንገርህ።

ሁለት ሰው ገበያ መንገድ ላይ ይገናኛል። «እንደምን ሰነበትህ? ደህና ነህ? ቤት ደህና ነው? ልጆች ደህና ናቸው? ከብቶቹስ ደህና? አዝመራው እንዴት ነው?» ይላል አንዱ። ሌላው ለእያንዳንዱ «ይመስገን፣ ይመስገን» ይላል። ከዚያ ዞሮ ያንኑ ሁሉ እሱ ይጠይቃል። ባርኔጣ ይነሳል፣ ትከሻ ይገጠማል። ረጅም ነው፣ ጨዋነት ሞልቶበታል። ግን በዚያ ሁሉ መሃል «በሬዬ ሞተ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። በሬው ሞቶም ቢሆን «ከብቱ ደህና» ይላል። ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ሲሉ፣ «እንግዲህ በሬው እኮ ሄደብኝ» ይላል። ያን ጊዜ ሌላው «አይ! ምን ነካው?» ይላል። ወሬው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ስለዚህ ድሮም ቢሆን በሰላምታ መሃል ችግር አይነገርም ነበር። ርዝመቱን አይተህ እውነተኛ ጥያቄ ነው አትበል። ከፈረንጅም የመጣ አይደለም።

ቋንቋ_ወዳድ

ደብረ ማርቆስ ያሉት ትክክል ነው። የሰላማዊትም ጥያቄ በጣም ጥሩ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልሳን አስተምር ነበር፤ ተማሪዎቼ በድምፅ የተቀረጹ የስልክ ንግግሮችን ቃል በቃል እንዲጽፉ አደርግ ነበር። ከዚያ ያየሁትን ልበል።

መጀመሪያ የራሳችንን አማርኛ እንመልከት። «እንዴት አደርሽ» ወይም «እንዴት ዋልሽ» ወይም «እንዴት አመሸሽ» ለማለት ምን ማወቅ ያስፈልጋል? ሰዓቱን ብቻ። «ሰነበትሽ» ወይም «ከረምሽ» ለማለትስ? መጨረሻ የተገናኛችሁት መቼ እንደሆነ። የሰውየው ሁኔታ የትም ቦታ አይገባበትም። የታመመውንም ሎተሪ የደረሰውንም ጠዋት «እንዴት አደርክ» ትለዋለህ። ጥያቄው የተቀረጸው በሰዓቱና በግንኙነታችሁ ልክ ነው።

ሁለተኛ፣ መልሱ በዚያው ትንፋሽ ይመለሳል። «ይመስገን፤ አንተስ?» ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለቱም እኩል ይጠይቃሉ፣ ድምፃቸው ይደራረባል፣ ማንም ሳይመልስ ያልፋል፤ ግን ማንም ቅር አይለውም። እውነተኛ ጥያቄ እንደዚያ ቢሆን ሰው ይቆጣ ነበር። «ባንኩ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?» ብለህ ጠይቀህ ሰውየው በምላሹ «አንተስ?» ቢልህ አስበው።

ሦስተኛውን ነገ ራሳችሁ ቢሮ ውስጥ ሞክሩት። ጠዋት ሰላም ያላችሁትን ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ኮሪደር ላይ ስታገኙት እንደገና «እንዴት ነህ?» በሉት። ወይ «ተገናኝተን አልነበር?» ይላችኋል፣ ወይ ደግሞ ቆም ብሎ «ምነው?» ይላችኋል። ያው ጥያቄ ነው፤ ግን የሰላምታው ቦታ አስቀድሞ ተይዟል። ስለዚህ ሰው ሌላ ትርጉም ይፈልግለታል፣ «ስለ እኔ የሰማው ነገር አለ» ብሎ ያስባል።

ሰላማዊት፣ የጓደኛሽም እንደዚያ ነው። ጠዋት ሰላም ተባብላችኋል። ከሰዓት እንደገና ስትጠይቅሽ ሰላምታ ሊሆን አይችልም። በዚያ ላይ «ግን» አለችበት። ያቺ «ግን» ጠዋት «ደህና ነኝ» ያልሽውን ይዛ ነው የመጣችው። «ጠዋት ብለሻል፣ እኔ ግን አላመንኩሽም» እንደማለት ነው። ጆሮሽ ያንን ስለሰማ ነው እንባሽ የመጣው።

የሰፈር_ልጅ

ጥሩ ነው፣ ገጠሩን በተመለከተ ደብረ ማርቆስን አምኛለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። መልሱ ሁልጊዜ «ደህና» ከሆነ፣ ጠያቂውም መልሱን ካልፈለገው፣ ባዶ ነው ያልኩት ምኑ ላይ ተሳሳተ? ደግሞ «ጤና ይስጥልኝ» የምንለው በጥንት ጊዜ እውነት ስለ ጤና ይጠያየቁ ስለነበር ይመስለኛል። ዛሬ ትርጉሙ አልቆበታል።

ቋንቋ_ወዳድ

«ጤና ይስጥልኝ» እኮ ጥያቄ አይደለም፣ ምኞት ነው። አሁን የምናወራው ስለ ጥያቄው ነው።

ባዶነቱን በተመለከተ ግን፣ እስቲ የማይባልበትን ቦታ እይ። ቤትህ እሳት ተነስቶ እሳት አደጋ ብትደውል «እንዴት ናችሁ?» ትላለህ? አትልም፤ እነሱም አይሉህም። አሜሪካኖች የአደጋ ጊዜ ጥሪዎችን ቀርጸው ሲያጠኑ ያዩት ይህንኑ ነው፦ ሰላምታውም «እንዴት ነህ»ም ይጠፋል፣ ሰው በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይገባል። ባዶ ቢሆን ኖሮ የትም ቦታ በልማድ ይወጣ ነበር። የሚወጣው ግን በአብዛኛው ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሆነው መገናኘታቸውን ሲጀምሩ ነው። ለግንኙነቱ በር የሚከፍት ነገር ነው።

ስለ መልሱም ሃርቪ ሳክስ የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣ ጽሑፍ አለው። እሱ ያስተዋለው፣ «ደህና አይደለሁም» ካልክ ጠያቂው «ምን ሆንክ?» ማለት ግድ ይሆንበታል። ያን ካለ ደግሞ አንተ መናገር አለብህ። ግን ሰላማዊት፣ ችግርሽን መጀመሪያ መስማት ያለበት ማን ነው? የጥበቃው አባት ወይስ እህትሽ? ሰው ሁሉ ጉዳዩን በተራ ነው የሚያካፍለው። እህትሽ ሳትሰማ ሊፍት ውስጥ ያገኘሽው ሰው ቢሰማ ትቀየማለች። ስለዚህ «ደህና» ስትይ «ይህን ላንተ የምነግርበት ቦታ አይደለም» እያልሽ ነው፤ ሰውየውም ይገባዋል። ለዚህ ነው የዋሸሽ ያልመሰለሽ።

ሪያድ_ያለሁ

የሰፈር ልጅ፣ ባዶ ነው አትበል። እኔ ሳውዲ ማዳም ቤት ነው የምሠራው። በኢሞ ነው ቤተሰብ የማገኘው፣ ያውም ማታ ሥራ ስጨርስ። ያቺ «እንዴት ናችሁ» የምትባለው ሰዓት ለእኔ ሁሉ ነገር ናት። ወሬውን አይደለም የምሰማው፣ «ደህና ነን» የሚሉበትን ድምፅ ነው የምሰማው።

አባቴ ያረፈ ጊዜ ደብቀውኝ ነበር። እኔ ግን ሳይነግሩኝ አውቄዋለሁ። እንዴት እንዳወቅሁ ልንገራችሁ። እህቴ ሁልጊዜ ስደውል ሰላምታውን ታሳጥረዋለች። «ደህና ነን ደህና ነን» ትልና ወዲያው ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ልጇ ትምህርት ቤት ማማረር ትጀምራለች። የዚያን ቀን ግን አላማረረችም። «ደህና ነሽ? ጤናሽ ደህና ነው? ሥራው እንዴት ነው? በደንብ ትበያለሽ?» እያለች ትመላለሳለች። መጨረሻ ላይ «አይዞሽ እሺ» አለችኝ። እኔ ምንም ክፉ ነገር አልነገርኳትም፤ ታዲያ በምን ነው አይዞሽ የምትለኝ? «አባዬን አገናኝኝ» ስላት «ተኝቷል» አለች። በማግስቱም ስደውል «ቤተ ክርስቲያን ሄዷል»።

የአካባቢያችን ልጆች ዕረፍታቸውን ጠብቀው ዓርብ ቀን ተሰብስበው አረዱኝ። እኔ ግን ከዚያ በፊት ውስጤ ነግሮኝ ነበር።

ሰላማዊት_አ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የአባትሽን ነፍስ ይማር።

ደብረ_ማርቆስ_ነኝ

ነፍሱን በገነት ያኑርልሽ ልጄ። ሰው አጠገብሽ ሆኖ መርዶ መስማትሽ ጥሩ ነው። ለብቻዋ በስልክ የተረዳች ልጅ ምን እንደሆነች አውቃለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው።

ሪያድ_ያለሁ

አሜን፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ በዚህ ላይ ግን ከእርስዎ ጋር አልስማማም። አስቀድመው ቢነግሩኝ እመርጥ ነበር። በእነዚያ ቀናት ስንት ጊዜ «ደህና ናቸው» እየተባልኩ ነው ሥራ የሠራሁት።

ቋንቋ_ወዳድ

ሪያድ ያለሽው እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናናሽ። የነገርሽን ነገር እኔ በብዙ ገጽ ላስረዳ የሞከርኩትን ያህል ነው። የሰፈር ልጅ ላነሳውም መልስ አለው።

መልሱ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ጉዳት አይደለም፣ ጥቅሙ እሱ ነው። «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ትንሽ ዝንፍ ካለ ወዲያው ይሰማል። መልሱ በየቀኑ አዲስ ቢሆን ኖሮ ዝንፉን ከምን ጋር ታወዳድሪው ነበር? አንድ ንግግር ልጻፍላችሁ። ከብዙ ተመሳሳይ ንግግሮች አሳጥሬ ያዘጋጀሁት ነው።

— ሄሎ
— አቤት፣ እንዴት ነሽ?
— ደህና ነኝ፣ አንቺ እንዴት ነሽ?
— አለሁ… ደህና ነኝ
— ምነው?
— አይ፣ ምንም
— ምን ሆነሽ ነው? ንገሪኝ እንጂ
— ኧረ ትንሹ ልጅ ሌሊት ትኩሳት ነበረው…

አራተኛውን መስመር እዩት። ሁለት ነገር ተበላሽቷል። «አለሁ» ብላ ቆም አለች፤ ከዚያ «ደህና ነኝ»ን እንደ ጥገና ጨመረችበት። «እናንተስ ቤት?» ብላ መቀጠል ሲገባት ዝም አለች። ሌላዋ ያንን በቅጽበት ሰማች። ያን ጊዜ ነው እውነተኛው ጥያቄ የመጣው። እውነተኛው ጥያቄ «እንዴት ነሽ» ሳይሆን «ምነው?» ነው። በአማርኛ «ምነው» እና «ምን ሆነሽ ነው» የሚመጡት ከሰላምታው በኋላ አንድ ነገር ከተሰማ ብቻ ነው። ሰላም ለማለት «ምነው?» ብሎ የሚጀምር ሰው የለም።

በእንግሊዝኛም ተመሳሳይ ነገር አለ። ጌይል ጀፈርሰን የምትባል ተመራማሪ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጽሑፍ፣ ችግር ያለበት ሰው «ፋይን» በማለት ፋንታ ትንሽ ዝቅ ያለ መልስ፣ «ፕሪቲ ጉድ» የመሰለውን፣ እንደሚመርጥ አሳይታለች። ችግሩን ገና አልተናገረውም፤ ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። የእኛ «አለሁ»፣ «ያው ነው»፣ «ምን አለ እንግዲህ» እንደዚያ ናቸው። ጠያቂው ከፈለገ ይገባል፣ ካልፈለገ ያልፋል፤ ማንም አያፍርም።

ገደብም አለው። ይህ የሚሠራው የሰውየውን የተለመደ ድምፅ ለሚያውቅ ብቻ ነው። እህትሽ ሰላምታ የምታሳጥር መሆኗን ባታውቂ ኖሮ ርዝመቱ ፍቅር ብቻ ይመስልሽ ነበር።

አስተርጓሚዋ

ይህን ክር እያነበብኩ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ክሊኒክና ሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ ነኝ። እኔ ጋ ይህ ነገር ከባድ ጣጣ ያመጣል።

የተለመደውን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ይገባል፣ እጁን እየታጠበ «ዛሬ እንዴት ነዎት?» ይላል። እኔ እተረጉማለሁ። እናት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እርስዎ እንዴት ነዎት? ልጆችዎ ደህና ናቸው?» ይላሉ። ሁሉንም እተረጉማለሁ፤ ግዴታዬ ነው። ሐኪሙ ፈገግ ይልና ኮምፒውተሩን ከፍቶ የስኳራቸውን ውጤት ማንበብ ይጀምራል። የመድኃኒት መጠን ያስተካክላል። እናት በየመሃሉ «እሺ» ይላሉ።

ሊያልቅ ሲል፣ ሐኪሙ በር ላይ ሆኖ፣ እናት «ልጄ፣ ደረጃ ስወጣ እኮ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል፣ ደረቴንም ይጫነኛል» ይላሉ። ለዚያ ነበር የመጡት! ሲጠየቁ ሊናገሩ ነበር የሚጠብቁት። በእሳቸው ሐሳብ እስከዚያ ድረስ አልተጠየቁም፤ ሰላም ነው የተባሉት። ሐኪሙ ደግሞ ጠይቆ መልስ ያገኘ መስሎታል። ቀጣዩ ታካሚ እየጠበቀው ነው። ዕድል ሆኖ ከቆመ ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ያዛል፤ ካልቆመ «በሚቀጥለው ቀጠሮ እናየዋለን» ይባላል።

ቃል በቃል መተርጎም አለብኝ፣ መጨመር አይፈቀድልኝም። የሚፈቀድልኝ፣ «አሁን የምናገረው እኔ አስተርጓሚዋ ነኝ» ብዬ አስታውቄ «ይህ መልስ ሰላምታ ሊሆን ይችላል፣ እንደገና ቢጠይቋቸው» ማለት ነው። ለሁለቱም ያልኩትን መንገር አለብኝ። በአካል ስሆን አደርገዋለሁ። በስልክ ስሆን ግን ፊታቸውን አላይም፤ «ይመስገን» ሲሉ በምን ድምፅ እንደሆነ ለመስማት እሞክራለሁ። አንዳንዱ ሐኪም ያመሰግነኛል፣ አንዳንዱ ሥራሽ አይደለም ይለኛል።

ነጭ_ጋውን

ሐዋሳ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። እዚህ አስተርጓሚ የለም፤ አማርኛ ለአማርኛ ነው። ግን ችግሩ ያው ነው፤ በተለይ ክትትል ላይ ያሉ ታካሚዎች ጋ። አዲስ ታካሚ ከሆነ «ምንዎን ነው ያመመዎት?» ብለህ ትጀምራለህ፣ እሱም ይነግርሃል። የደም ግፊት ወይም የልብ ክትትል ያለው ሰው ግን መድኃኒት ሊወስድ ነው የመጣው። «እንዴት ነዎት?» ስትለው «ይመስገን ዶክተር፣ ደህና ነኝ»። እውነቱን ነው፣ ሰላም እያለህ ነው። ደግሞ ሰው ታሞም «ይመስገን» ይላል፤ ሕመሙ ቢብስበትም ምስጋናውን አይተውም። ያንን የጤና ሪፖርት አድርጎ ካርድ ላይ «ምንም ችግር የለም» ብሎ መጻፍ አደገኛ ነው።

እኔ ሁለቱን ለየኋቸው። ሰላምታውን እንደ ሰላምታ እጨርሳለሁ፣ ስለ ቤተሰብ ከጠየቁኝ እመልሳለሁ። ከዚያ ቁጭ እላለሁ። ከተቀመጥኩ በኋላ የምጠይቀው በ«ይመስገን» የማይመለስ ነገር ነው። የልብ ታካሚን «ማታ ስንት ትራስ ተደርጎልዎት ነው የሚተኙት?» እላለሁ። ድሮ በአንድ ትራስ የሚተኛ ሰው አሁን ሦስት ካለኝ ሳንባው ላይ ውሃ እየቋጠረ ሊሆን ይችላል። «ሌሊት ትንፋሽ አጥሮዎት ይነሳሉ?» «ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ስንቴ ያርፋሉ?» «ጫማው ማታ ማታ ይጠብዎታል?» እነዚህን ስትጠይቅ «ደህና ነኝ» ያለህ ሰው ያው ራሱ ቁጭ ብሎ ሁሉን ይነግርሃል።

ቋንቋ_ወዳድ

ዶክተር፣ በጣም ጥሩ ነው ያሉት። ጆን ሄሪቴጅና ጄፍሪ ሮቢንሰን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ቀጠሮን በምን ጥያቄ እንደሚከፍቱ አነጻጽረዋል። «ዛሬ ምን ልርዳዎት?» ዓይነት ክፍት ጥያቄ የቀረበላቸው ታካሚዎች ሕመማቸውን ረዘም አድርገውና ምልክቱን ዘርዝረው ይናገራሉ። ነርሷ የጻፈችውን አይቶ «ጉሮሮዎን ነው አይደል?» የተባለው ግን «አዎ» ብሎ አሳጥሮ ያቆማል። ሮቢንሰን ሌላ ጊዜ እንዳሳየውም፣ ሐኪም «እንዴት ነህ?» ሲል ታካሚው እንደ ሰላምታ ሊወስደው ይችላል፤ «አሁን ምን ይሰማሃል?» ሲለው ግን ስለ ሕመሙ መጠየቁን ያውቃል። ስለዚህ ይህ የእኛ ሀገር ሰው ዓይናፋርነት ብቻ አይደለም፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪውም ዘንድ አለ።

አስተርጓሚዋ

አዎ፣ ግን እኛ ጋ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ለሐኪም አክብሮት። እናቶቻችን ዶክተሩ ገና ሰላም እያለ ሕመም መዘርዘር ብልግና ይመስላቸዋል። ልጆቻቸውን አብረዋቸው ሲመጡ የምለምናቸው ይህንን ነው፦ ከመምጣታችሁ በፊት የሚያማቸውን ሦስት ነገር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለነርሷ ስጡ። ነርሷ ሙቀትና ግፊት ስትለካ ነው የሚነገረው። ያኔ ሐኪሙ ሲገባ ሰላምታው ሰላምታ ሆኖ ያልፋል፣ ጉዳዩ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ይጠብቀዋል።

ሚኪ_ሲያትል

አሁን ገባኝ። ካሸሯ ስትጠይቀኝ «ጉድ፣ ዩ?» ማለት ብቻ ነው። ሰላም እያለችኝ ነው እንጂ ችላ እያለችኝ አይደለም። ኢንተርቪው ላይም ያው ይሠራል ማለት ነው?

ቋንቋ_ወዳድ

ይሠራል። «ጉድ» በልና መልሰህ ጠይቃቸው፣ ከዚያ እነሱ ወደ ጉዳዩ እስኪገቡ ጠብቅ። መልሰህ አለመጠየቅ ነው እንደ ቅዝቃዜ የሚታየው። ሐሙስ ይቅናህ።

የሰፈር_ልጅ

ባዶ ነው ያልኩትን ትቻለሁ፤ ሪያድ ያለችው እህት አሳምናኛለች። ግን አንድ ነገር አሁንም ይከብደኛል። ሰፈራችን ውስጥ ለብዙ ጊዜ ሥራ አጥቶ የተቀመጠ ጓደኛ አለኝ። በየቀኑ «እንዴት ነህ?» እለዋለሁ፣ «አለሁ» ይለኛል። «ምነው?» ብለው ችግሩን ይነግረኛል፣ ገንዘብ ደግሞ የለኝም። ብዙ ጊዜ «አለሁ»ን ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ አልፋለሁ። በሩን ገርበብ ካደረገው ሰው አጠገብ ዝም ብሎ ማለፍ ምን ይባላል?

ደብረ_ማርቆስ_ነኝ

ልጄ፣ ገንዘብ ስላልጠየቀህ ገንዘብ ባትይዝም ግባ። «ና ሻይ ጠጣ» በለው። ሲቀመጥ ያወራል።

ሪያድ_ያለሁ

እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ለቋንቋ ወዳድ። ማዳም ቤት ስሆን ድምፅ ማውራት አልችልም፤ በጽሑፍ ነው የምንጻጻፈው። እናቴ ማንበብ ስለማትችል የእህቴ ልጅ ነው «ደህና ናት» ብሎ የሚጽፍልኝ። ልጅ ነው፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው የሚጽፈው። ከዚያ ጽሑፍ ምኑን ልስማ?

ቋንቋ_ወዳድ

ከጽሑፉ ብዙ አትሰሚም፤ እውነቱን ልንገርሽ። ቆም ማለቱ፣ ድምፁ፣ «እናንተስ?» ሳይባል መቅረቱ ሁሉ ከጽሑፍ ይጠፋል። ልጁን እንደ ዶክተሩ ትራስ ዓይነት ጥያቄ ጠይቂው። «ዛሬ አያትህ ምን በላች? ቡና ማን አፈላ? ገበያ ወጥታ ነበር?» በ«ደህና ናት» ሊመልስልሽ አይችልም። በተጨማሪ እናትሽ ራሷ የድምፅ መልእክት ትቅዳልሽ፤ ስትተኚ በኢርፎን ትሰሚዋለሽ። አጭርም ቢሆን ይበቃል።

ሪያድ_ያለሁ

የድምፁን ሞክረናል። እናቴ ስልኩ ላይ ብቻዋን ማውራት አይሆንላትም። «እንዴት ነሽ ልጄ» ትልና መልስ ትጠብቃለች፤ መልስ ሲጠፋ ቅጂው ያልቃል። የቡናውን ጥያቄ ግን ዛሬ ማታ ለልጁ እጽፍለታለሁ።